ሰው ፊት ያስቀየሙትን ሰው፣ ሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ፦ ደረጃ በደረጃ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ስብሰባ አልቆ መዝገቤን ሳጣጥፍ አንድ ሰው ጠጋ ይልና «አንድ ነገር ላማክርህ» ይለኛል። ነገሩን ገና ሳይጀምረው አውቀዋለሁ። እድር ላይ፣ ማኅበር ላይ ወይም ሰርግ ቤት አንድ ቃል አምልጦታል፤ ሰው ተቀይሞታል። አሁን ጥያቄው «ተነሥቼ ምን ልበል?» ነው። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ከሞላሌ ተደወለልኝ፤ እሱም ያው ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

መመሪያው ለአንድ ዓይነት ጥፋት ብቻ ነው፦ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ለተነገረና አንድን ሰው ለጎዳ ቃል። ድብድብ ከነበረ፣ ወይም ከጀርባው የድንበርና የውርስ ጣጣ ካለ፣ ይህን ተዉትና ሽማግሌ ፈልጉ። እዚያ ካሳ አለ፣ ዋስ አለ፣ ሌላ ሥርዓት አለ። በአራት ዓረፍተ ነገር አይዘጋም።

ምሳሌው የራሴ ነው። ሌላ ሰው ላይ ማሳበብ ይቀል ነበር፤ ግን ዝርዝሩን የማውቀው የራሴን ነው።

ኅዳር ላይ፣ የወሩ ስብሰባችን ቀን፣ ውዝፍ ያለባቸውን አባላት ስም እያነበብኩ ነበር። አንዲት እናት የሦስት ወር አልከፈሉም። እዚህ «እትዬ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ጠላ እየጠመቁ ነው ልጆች የሚያሳድጉት። ተነሥተው «ልጆቹ ትምህርት ሲጀምሩ እጄ አጠረኝ፤ በሚመጣው ወር እከፍላለሁ» አሉ። እኔ ከመዝገቡ ቀና ብዬ «ጠላው ሲሸጥ እናያለን፤ ብሩን ነው የማናየው» አልኩ። አርባ የሚሆን ሰው ሳቀ። እሳቸው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

ታኅሣሥ ላይ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አልተሳካም። ጥር ላይ እንደገና ጠየቅሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ከታች ያለው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግማሽ ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ። ሙሉ ገጽ አትያዙ፤ ቦታ ካለ ሰው ይሞላዋል።
- ቃሉ ሲነገር እዚያ የነበረ፣ እናንተን ለማስደሰት የማይዋሽ አንድ ሰው።
- የተጎዳው ሰው የሚያምነው አንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ።
- ከእድሩ ዳኛ ወይም ከሰብሳቢው አስቀድሞ የተጠየቀ አንድ ደቂቃ።
- ሰዓት። የስልካችሁም ይሆናል።

የማያስፈልጉም አሉ። ስጦታ አይያዝም። «እኔን ታውቁኛላችሁ» የሚል ምስክር አይያዝም። ድንጋይ መሸከምና እግር ላይ መውደቅም ቦታቸው ሽምግልና እንጂ የወር ስብሰባ አይደለም። ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ እነግራችኋለሁ።

ጊዜን በተመለከተ፣ ዝግጅቱ አንድ ሳምንት ቢወስድ ነው። ሁለት ስብሰባ ካለፈ ግን ሰዉ ቃሉን እንደ ተረት እየተቀባበለ ያሳምረዋል፤ የምትመልሱትም እናንተ ያላችሁትን ሳይሆን የተጨማመረበትን ይሆናል።

1. ያላችሁትን ቃል እንደወጣ ጻፉት

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው ይቅርታው ሳይሆን የተናገራችሁት ቃል ነው። እንደወጣ፣ ሳይለዝብ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ተናጋሪ የራሱን ቃል ሁልጊዜ አለስልሶ ነው የሚያስታውሰው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ። እኔ በመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት «ጠላ እየሸጡ ለምን አይከፍሉም ብዬ ጠየቅሁ» የሚል ነበር። ጥያቄ አደረግሁት! እዚያ የነበረ ጎረቤቴን ስጠይቀው ሳቅ እያለ «ኧረ አልጠየቅህም» አለኝና ቃል በቃል ደገመልኝ። «ብሩን ነው የማናየው» ያልኩት ከእኔ ጭንቅላት ወጥቶ ነበር፤ ከሰዉ ግን አልወጣም።

የጻፋችሁት ትክክል መሆኑን በአንድ ነገር ታውቃላችሁ፦ ስታነቡት ያሳፍራል። ካላሳፈረ ገና አለስልሳችሁታል።

2. የተጎዳው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለዩ

ሰው የሚጎዳው በቃሉ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ባረፈበት ቦታ ነው። ቦታውን ካልለያችሁ ላልተጎዳ ነገር ይቅርታ ትጠይቃላችሁ።

እኔ የመሰለኝ እትዬ የተቀየሙት ውዝፋቸው በሰው ፊት ስለተነሣ ነው። ስላልነበረ ነው ታኅሣሥ ላይ የወደቅሁት። ውዝፍ በየወሩ ይነበባል፤ የሌላም ሰው ስም ነበረበት። የእህታቸውን ልጅ ሳነጋግራት ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። «እውነቷን ተናግራ ውሸታም መሰለች፤ ያውም በሥራዋ ተሳቀ» አለችኝ። ገብሱንም ጌሾውንም በዱቤ ነው የሚወስዱት፤ ጠላው ሲሸጥ ብሩ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባለሱቁ ነው። ሰው ጋኑን ያያል፤ ዕዳውን አያይም።

ስለዚህ ወረቀቴ ላይ ሁለተኛው መስመር «ውሸታም አስመሰልኳቸው፤ በእንጀራቸውም አሳቅሁ» ሆነ።

ይህን ለማወቅ የተጎዳውን ሰው ራሱን አትጠይቁ። «ምኑ ነው ያስቀየመዎት?» ማለት ቁስሉን ራሱ ገልጦ እንዲያሳያችሁ መጠየቅ ነው። ለእሱ ቅርብ የሆነ አንድ ሰው ጠይቁ። አንድ ብቻ፤ ሦስት ሰው ከጠየቃችሁ እስከ ማታ ሰፈሩ ይሰማል።

3. ከስብሰባው በፊት ለተጎዳው ሰው አሳውቁ

ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል። ድንገት ተነሥቶ ይቅርታ ቢጠይቅ ልብ የሚነካ ይመስለዋል። ለሚጠየቀው ሰው ግን ሁለተኛ ድንገቴ ነው። መጀመሪያ ሳያስበው ተሰደበ፤ አሁን ደግሞ ሳያስበው አርባ ሰው ዞሮ ፊቱን ሊያይ ነው። ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለበት እንኳ አላሰበበትም።

የሚያምነውን ሰው ላኩ፤ ወይም ራሳችሁ ሂዱ። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በስብሰባው ፊት ይቅርታ ሊጠየቅ ይፈልጋል ወይ? ከፈለገስ እንዳይነሣ የሚፈልገው ነገር አለ?

እኔ ራሴ ሄድኩ። ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ ጠዋቱ ውርጭ ስለነበረ ፀሐይ እስኪወጣ ጠበቅሁ። በር ላይ ቆሜ «እትዬ፣ እሑድ ስብሰባው ላይ ስለዚያ ቀን ጥፋቴን ልናገር አስቤ ነበር። እርስዎ ካልፈለጉ አልናገርም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ተናገር። ያን ቃል ግን ደግመህ አታሰማኝ» አሉኝ።

ይህ መልስ የወረቀቴን ግማሽ ቀየረው። ቃሉን እንደወጣ ደግሜ «ይህን ብያለሁ» ልል ነበር፤ ሐቀኝነት መስሎኝ። እሳቸው ግን እንደገና ሊሳቅባቸው አልፈለጉም። ጥፋትን በስሙ መጥራትና ስድቡን መድገም ለየቅል ናቸው። ሳትጠይቁ ይህን አታውቁትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ከሄዳችሁ ቡና ይቀርባል። የእኛ አገር ሰው የተቀየመውንም ሰው ደጅ አያቆምም፤ ቆሎም ይቀርባል። ቡናው እንግድነት ነው። «ቡናዋን ጠጣሁ፤ ታርቀናል» ብላችሁ ስብሰባውን እንዳትተዉት። ጥፋቱ የተፈጸመው አርባ ሰው ፊት ነው፤ ቡናውን ያዩት ግን እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ። ደግሞም በዚህ ጉብኝት ላይ ይቅርታውን አትጠይቁ። ፈቃድ ብቻ ጠይቃችሁ ውጡ።

«አልፈልግም፤ ተወው» ካሏችሁስ? ትተዉታላችሁ። «ለእኔ ሕሊና ብዬ ነው» ብሎ መናገር ሁለተኛ በደል ነው። እንዲህ ከሆነ እዚያው በር ላይ ለብቻቸው ይቅርታ ጠይቁና ደረጃ 8ን ብቻ ሥሩ።

4. ቦታና ሰዓት

ይቅርታው ጥፋቱን የሰማው ሰው ባለበት መሆን አለበት። እድር ላይ የተባለ እድር ላይ፣ ማኅበር ላይ የተባለ ማኅበር ላይ። ለቅሶ ቤት አይሆንም፤ የሌላ ሰው ሐዘን ነው። ሰርግም አይሆንም።

ሰዓቱ ጸሎት አልቆ አጀንዳ ከመጀመሩ በፊት ነው። «ልዩ ልዩ» ላይ እናገራለሁ ካላችሁ ሰዉ ተነሥቶ ወንበር እያጠፈ ይሆናል፤ ኅዳር ላይ የሳቀው ግማሹ ሄዷል። ዳኛውን አንድ ቀን ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ሌላ የምትጠይቁት ነገር ደግሞ አለ፤ ደረጃ 7 ላይ እመጣበታለሁ።

5. አራት ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ዋናው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆይ። መጀመሪያ ታኅሣሥ ላይ ያልኩትን ላሳያችሁ።

«ባለፈው ስብሰባ የተባለው ነገር እትዬን አስቀይሞ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀልድ ነበር። ሁላችሁም እንደምታውቁት እኔ ሰው የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ የእኔም እናት ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችኝ። ግን ጸሐፊ እንደመሆኔ የእድሩን ገንዘብ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። የዚያን ቀን ደግሞ ራሴን አሞኝ ነበር። እትዬ ለእኔ እንደ እናቴ ናቸው። በሉ እንግዲህ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

ሲሰማ ምንም አይልም። ሰዉም ራሱን ነቀነቀ። አሁን አንድ በአንድ እንየው።

«የተባለው ነገር»። ማን ነው ያለው? ቃሉ ከሰማይ የወረደ አስመሰልኩት። አማርኛ «ተባለ» ብሎ ተናጋሪውን መደበቅ ይችላል፤ ይቅርታ ላይ ግን መደበቅ አይሠራም። «አልኩ»፣ «ቀለድኩ»፣ «አሳቅሁ» በሉ። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰሚው ይዞት የሚሄደው እሱን ነው።

«አስቀይሞ ከሆነ»። እትዬ አንድ ወር ሙሉ ለእኔ ሰላምታ ነፍገዋል፤ እኔ ግን ገና «ከሆነ» ላይ ነኝ። «ከሆነ» ጥርጣሬ ነው። ምናልባት አልተቀየሙ ይሆናል፣ ምናልባት እሳቸው ናቸው ሆደ ባሻ የሆኑት ማለት ነው። ወረቀታችሁ ላይ «ከሆነ» ካገኛችሁ ሰርዙት።

«ቀልድ ነበር»። የጎዳቸው ቀልዱ ነው! ቁም ነገር ቢሆን ኖሮ መልስ ይሰጡ ነበር። በሳቅ የተመታ ሰው መልስ የለውም።

«ሰው የምንቅ ሰው አይደለሁም» እና «የእኔም እናት»። እዚህ ላይ ስለ እሳቸው ማውራት ትቼ ስለ ራሴ ማውራት ጀመርኩ። የእናቴ ነገር እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን ቦታው አያደርገውም።

«ግን ጸሐፊ እንደመሆኔ»። «ግን» ከፊቱ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ከ«ግን» በኋላ ሰው የሚሰማው «እውነቱን ነው፤ መክፈል ነበረባቸው» የሚለውን ነው። ውዝፉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሌላ ቀን ይነሣል።

«ራሴን አሞኝ ነበር»። ይህን ሳነበው አሁንም እስቃለሁ።

የመጨረሻው በጣም አስቸጋሪው ነው፦ «ይቅር ይበሉኝ»። ልመና ይመስላል፤ ሰው ፊት ሲሆን ግን ትእዛዝ ነው። «ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ» ስል ሥራው የእኔ ነው፤ ጠይቄ እቀመጣለሁ። «ይቅር ይበሉኝ» ስል ሥራው ወደ እሳቸው ዞረ፤ አርባ ሰው ደግሞ መልስ ይጠብቃል። «አፉ ይበሉኝ»ም እንዲሁ ነው። ለብቻ ሲሆን ደግ ቃል ነው፤ ጉባኤ ላይ ግን ይጫናል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ከተባለማ ባሰ። አልልም ያለች ሴት እግዚአብሔርን እምቢ ያለች ትመስላለች።

እንደተጠበቀው ሽማግሎች «በይ፣ ይቅር በይው!» አሉ። እትዬ መሬት መሬት እያዩ «ይቅር ብያለሁ» አሉ። እኔም ቀለለኝ። ጥር ሲገባ መዋጮአቸውን በልጃቸው ላኩ። ይቅርታው አለመድረሱን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰውየው አፉ «እሺ» ካለና እግሩ ከቀረ፣ እግሩን እመኑ።

ጥር ላይ ያልኩት ይህን ነበር፦

«ባለፈው ኅዳር እዚሁ ስብሰባ ላይ፣ እትዬ ስለ ውዝፋቸው ሲያስረዱ፣ እኔ በሥራቸው ቀልጄ ሰው አሳቅሁባቸው። እውነታቸውን እየተናገሩ ሳለ ውሸታም አስመሰልኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እትዬ፣ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ የውዝፍ ስም በስብሰባ ላይ አላነብም፤ ያለበትን ሰው ለብቻው እነግረዋለሁ።»

አራቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። የመጀመሪያው ያደረግሁትን ይናገራል፤ መቼና የት እንደሆነ ጭምር። ስድቡን ግን አይደግምም። ሁለተኛው ደረጃ 2 ላይ ያገኘሁት ነው፤ የተጎዳው ነገር። እትዬ ሲሰሙ ቀና ያሉት እዚህ ላይ ነበር፤ እውነታቸውን መናገራቸውን ጉባኤው ፊት የመሰከረላቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረማ። ሦስተኛው ይቅርታው ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። አራተኛው የሚቀየር ነገር ነው።

አራተኛው ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ቃል የምትገቡት በእጃችሁ ያለውን ብቻ ነው። የውዝፍ ስም አለማንበብ የእኔ ብቻ ውሳኔ ስላልሆነ፣ ከዳኛውና ከገንዘብ ያዡ ጋር ቀድሜ ተስማምቼበታለሁ። «ሁለተኛ ማንንም አላስቀይምም» የሚል ቃል ግን አትግቡ። ማንም አይፈጽመውም፤ ሰሚውም ያውቃል።

«ሁላችንም ስቀናል፤ ሁላችንም ይቅርታ እንጠይቅ» ማለትም አምሮኝ ነበር። ሰረዝኩት። ሰዎቹ የሳቁት እኔ ስላሳቅኋቸው ነው። ጥፋትን ለአርባ ማካፈል ለራስ የሚቀረውን ማሳነስ ነው። የሚገርመው፣ ሳልነግራቸው ከሳቁት ሁለቱ በኋላ ለብቻቸው ሄደው አናግረዋቸዋል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ በሰዓት አንብቡት። የእኔ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ወሰደ። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ውስጡ ማብራሪያ ተደብቋል። ፈልጉት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ምክንያቱም»፣ «እንደምታውቁት» ወይም «ለማለት የፈለግሁት» ከሚል ቃል አጠገብ ነው።

6. ስትናገሩ

ቁሙ። ባርኔጣ ካለ አውልቁ። ጋቢ ከተከናነባችሁ ትከሻችሁ ላይ መልሱት፤ ደብረ ብርሃን ብርድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለሠላሳ ሰከንድ ነው። ፊታችሁ እስከ አፍንጫው ተሸፍኖ የሚወጣ ይቅርታ አይሰማም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለጉባኤው ተናገሩ፤ የሰማው እሱ ስለሆነ። «ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ» ስትሉ ግን ወደ ሰውየው ዙሩ። ብዙ ሰው ይቅርታውን ለዳኛው ነው የሚናገረው፤ እንደ ፍርድ ቤት። የተበደለው ዳኛው አይደለም።

በአንቱታ የምትጠሩትን ሰው በአንቱታ፣ በአንተና በአንቺ የምትጠሩትን በዚያው። ለአንድ ቀን ብቻ አክብሮት መጨመር ያስታውቃል፤ ሹፈትም ይመስላል።

ወረቀቱን ማንበብ ይቻላል። እኔ አንብቤያለሁ። ድምፅ ከተንቀጠቀጠ ቆም ብሎ መቀጠል ነው። የሚያስፈራው ሲደናገጡ ወደ ማብራሪያ መግባት ነው፤ ወረቀቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እግር ላይ አትውደቁ። ሽምግልና ላይ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሊቀርብ፣ እግር ሊስም ይችላል፤ ሽማግሎቹ ሁለቱንም ወገን ቀድመው አነጋግረዋልና ሁሉም የሚሆነውን ያውቃል። ወር ስብሰባ ላይ ድንገት ስትወድቁ ግን ሰዉ «ኧረ በእግዚአብሔር!» ብሎ ይነሣል፤ ሁሉም እናንተን ለማንሣት ይሯሯጣል። የተበደለው ሰው ተረስቶ የሚታዘንለት በዳዩ ይሆናል።

7. ተቀመጡ፤ ዝም በሉ

አራተኛው ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ተቀመጡ። የሚከብደው ይህ ነው። ዝምታ ይሆናል፤ አምስት ሰከንዱ አምስት ደቂቃ ይመስላል። ዝምታውን ለመሙላት አፋችሁን ከከፈታችሁ የሚወጣው «እኔ እኮ...» ነው።

ዳኛውን ቀድማችሁ የምትጠይቁት ሁለተኛው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። እንዲህ በሏቸው፦ «ስጨርስ ሰው 'ተሳሳሙ' እንዳይል፣ በቀጥታ ወደ አጀንዳው ይለፉልኝ።» ያለዚህ ከሽማግሎቹ አንዱ መነሣቱ አይቀርም፤ ልማድ ነው፤ በክፋትም አይደለም። የእኛ ዳኛ «ተሰምቷል። የተነገራቸው ሰው በፈለጉ ጊዜ ይመልሳሉ» አሉና የድንኳኑን ኪራይ ጉዳይ አነሡ። እትዬ ምንም አላሉም። ምንም ማለት አልነበረባቸውም።

ተነሥተው ቢቆጡስ? «አንተ እኮ ልጆቼ ትምህርት ቤት እንዲያፍሩ አድርገሃል» ቢሉ? መልሱ «ልክ ነዎት» ነው። ሌላ የለም። የሰሙት ነገር ትክክል ባይሆን እንኳ የዚያን ቀን አይታረምም።

8. ከዚያ በኋላ

ስድቡ በቃለ ጉባኤ ገብቶ እንደሆነ እዩ። የእኔ አልገባም ነበር፤ ጸሐፊው ራሴ ነኝ፤ አልጻፍኩትም። ይቅርታው ግን አንድ መስመር ተጽፏል፤ እትዬን ጠይቄ፣ ሥራቸውን ሳልጠቅስ። ገብቶ ከሆነ እንዴት እንደሚታረም ከዳኛው ጋር ተነጋገሩ፤ ገጽ አትቅደዱ።

ቀልዱ በሰፈር ከቀጠለ ማስቆም የእናንተ ሥራ ነው። እኔን አንድ ሰው ጠጅ ቤት «ብሩን ነው የማናየው» ብሎ ሊያስቀኝ ሞክሯል፤ እንደ ደራሲው ቆጥሮኝ። «ያን ነገር ይቅርታ ጠይቄበታለሁ፤ እባክህ ተወው» አልኩት። ደስ አላለውም።

የገባችሁትን ቃል በሚቀጥለው ስብሰባ ፈጽሙ። የካቲት ላይ መዝገቡን ከፍቼ ውዝፍ የሚለውን ገጽ ስዘልል ሰዉ አስተዋለ።

ባገኛችኋቸው ቁጥር ይቅርታ አትድገሙ። ገበያ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ያን ቀን እኮ...» ማለት ያንን ቀን በየመንገዱ ማስነሣት ነው። ሰላምታ ስጡ፤ መልሱ አጭር ከሆነ በአጭሩ እለፉ።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

*ሽማግሌ ማብዛት።* አንድ ቃል ላመለጠው ሰው አምስት ሽማግሌ መላክ ነገሩን ያገዝፈዋል። የተጎዳው ሰው አምስት ትልልቅ ሰዎችን እምቢ ማለት ስለማይችል «እሺ» ይላል፤ ቂሙ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

*ይቅርታን ከምስጋና ጋር መቀላቀል።* «እትዬ ጎበዝ ሴት ናቸው፤ ጠላቸውም በሰፈሩ የታወቀ ነው።» የቀለዳችሁበትን ነገር ማመስገን ሰዉን እንደገና ፈገግ ያሰኘዋል። እኔ ስለ ጠላው ጥር ላይ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

*በሰው በኩል ማስባል።* «ጸሐፊያችን ይቅርታ ይጠይቃል» ብሎ ዳኛው ቢናገር አይቆጠርም። ስድቡን በራሳችሁ አፍ ተናግራችሁት የለ?

*ምላሽ መቁጠር።* «ሦስት ሳምንት ሆነ፤ እስካሁን አላናገረችኝም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ቀነ ገደብ የለውም። የምታዩት ሰውየው ወደ ስብሰባው መመለሱን ነው እንጂ ወደ እናንተ መመለሱን አይደለም።

እትዬ የካቲትም መጋቢትም መዋጮውን በልጃቸው ላኩ። ሚያዝያ ላይ ራሳቸው መጡ፤ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ቁጠረው» አሉኝ። ቆጥሬ ደረሰኝ ቆረጥኩ።